ሳጥኑ ያልያዘው

ባለቤቴን ተማሪዎቹ «ጋሽ ሬት» ይሉት ነበር። እሱ የማያውቅ ይመስላቸዋል። እሱ ግን አሳምሮ ያውቃል፤ እንዲያውም ለሌሎቹ መምህራን ከወጣላቸው ስም ይሻላል ብሎ በልቡ ይኮራበታል። ርእሰ መምህር ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ዛሬም ስለ ሰው ሲናገር መራራውን ያስቀድማል። ጥፋትህን አንድ ባንድ ይዘረዝርልሃል፤ ማር ካለው ከዚያ በኋላ ነው የሚያመጣው። በወረቀት ሲሆን እርግጥ ያመጣዋል። በአፍ ሲሆን ግን ማሩ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ራሴ ስፌቴ ደስ እንደሚለው የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቄም ሳሎናችንም ነው። መስኮቱ ሥር ማሽኔ አለ፤ ግድግዳው ላይ ያለቀና ያላለቀ የሰው ልብስ ተንጠልጥሏል፤ ከመተኮሻው ሰሌዳ ጀርባ ያለችው ጠረጴዛ ደግሞ የእሱ ናት። ልጃችን የሰጠውን ላፕቶፕ እዚያ ዘርግቶ ጋዜጣ ያነባል፤ ከጋዜጣውም ጋር ይጣላል። እኔ ማሽኔን ስረግጥ እሱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እሱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እኔ አጥብቄ እረግጣለሁ። እንደዚህ ሆነን አርጅተናል።

ማሽኔ ሲታመም የምታክምልኝ ልጅ ፒንሳ ትባላለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ከእርሳስ ጋር ፒንሳ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ፒንሳ ብሏት ቀረ። ከእኛ ቤት ሁለት መታጠፊያ አልፎ ፍሪጅና ማጠቢያ ማሽን በሚጠገንበት ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። የባለቤቴ ተማሪ ነበረች። ለማሽኔ ስትመጣ «ጋሼ እንዴት አደሩ» ትለዋለች፤ እሱም ከጋዜጣው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል «ዛሬም አርፍደሽ መጣሽ» ይላታል። ትስቃለች። የምትስቀው ከልቧ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን መሣሪያ ሳትይዝ መጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ እጇንም ከግራሶ አጽድታዋለች።

«ጋሼ፣ የአውሮፕላን ጥገና ማሠልጠኛው ፈተና አለፍኩ» አለችው።

ማሽኔን አቆምኩ። ፒንሳ ይህን ማሠልጠኛ ስትመኝ ስንት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ልጆችን ብቻ በነፃ ያስተምራል። አምና በትንሽ ነጥብ ቀርታ አልቅሳለች። ዕድሜዋ ደግሞ ከተወሰነው ጣሪያ ሊያልፍ ስለሆነ ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነበር።

«የቀረው ተማሪ ሳለሁ ከነበሩት የትምህርት ቤቴ ኃላፊ የድጋፍ ቃል ነው። ፎርሙን በኢሜይል እልክልዎታለሁ። እርስዎ ይሞሉልኛል?»

«እኔ ከሞላሁ እውነቱን ነው የምጽፈው» አላት።

«እኔም እውነቱን እንዲጽፉ ነው የምፈልገው።»

«የድምፅ ማጉያውንም እጽፋለሁ።»

አንገቷን ደፋች። «ይጻፉት» አለች።

የድምፅ ማጉያው ነገር እንዲህ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለች የትምህርት ቤቱ ማጉያ ሲያፏጭ ሰምታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ፈታችው። በማግስቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሲከፈት ጭስ ወጣው። ባለቤቴ በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት በባዶ ጉሮሮው ሲጮህ ዋለና ሁለት ሳምንት አገዳት። እቤት ሲመጣ ድምፁ ስለተዘጋ እኔም ሁለት ሳምንት አረፍኩ።

ፎርሙ መጣ። ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ አመልካቿን የሚያውቋት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሉት ትንንሽ ሳጥኖች አላስቸገሩትም። የመጨረሻዋ ላይ ደረሰ። «የአመልካቿን ጠባይ፣ ብርታትና ጉድለት ባጭሩ ይግለጹ» ትላለች፤ ከሥሯም ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ሳጥን ተዘርግቷል። «ባጭሩ» የምትለዋን ባለቤቴ አንብቧት አለፈ። በሁለት ጣቱ እየጻፈ ቀናት ፈጀ። ሳጥኑ ሲሞላ የላይኞቹ መስመሮች ወደ ላይ እየተሳቡ ይሰወራሉ፤ ከታች አዲስ ቦታ ይከፈታል። ወደ ላይ ሲመለስ ደግሞ የጻፈው ሁሉ እንዳለ አለ። ሳጥኑ አንድ ቀን እንኳ በቃህ አላለውም።

«ምን ጻፍክላት?» አልኩት።

«ለማሠልጠኛው ኮሚቴ ነው።»

«እኔ ለኮሚቴው ልነግርብህ ነው?»

«ልብስሽን ስፊ» አለኝ። ያን ቀን ተናድጄ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ዛሬ ሳስበው ጠረጴዛዋ ከማሽኔ ሁለት እርምጃ አትርቅም፤ ተነሥቼ ባነብ ማን ይከለክለኝ ነበር? ኩራት ነው እንጂ።

ከላከ በኋላ የኮሚቴው ጸሐፊ ደወለች። ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ እኔም ሰማሁ።

«አባቴ፣ የላኩልን ፎርም ስናትመው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የወጣው» አለች።

«እንዴት ባዶ? ሞልቼ ነው የላክሁት።»

«መሙላትዎንማ አይቻለሁ። ሳጥኑን ስነካው ጽሑፉ ብቅ ይላል፤ ስተወው ይጠፋል። ማተሚያችን ደግሞ ጭራሽ አያወጣውም። እርስዎ የሞሉበት ፕሮግራምና የእኛው አልተግባቡም። አንዳንዴ ያጋጥማል። ሌላም ነገር አለ፣ እንደዚህ ክፍት ሆኖ የመጣን ፎርም ማንም ገብቶ ሊለውጠው ስለሚችል ኮሚቴው አይቀበልም። ፍላት አድርገው ይላኩልን።»

«ፍላት ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጅቱ ትዕግሥተኛ ናት፤ እግዜር ይስጣት። «አሁን መልሶችዎ ያሉት ገጹ ላይ አይደለም፤ ከገጹ በላይ በየሳጥናቸው ተቀምጠዋል። ፍላት ሲሆን መጻፊያ ሳጥኖቹ ይጠፋሉ፤ ጽሑፉ የገጹ አካል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካካውም፤ የትም ቢከፈት፣ በምንም ማተሚያ ቢወጣ ያው ነው።»

ይቺን እኔ ቶሎ ገባችኝ። ኪስ በስፒል ሲያዝና ኪስ ሲሰፋ ነው። በስፒል የተያዘውን ማንም ነቅሎ ሌላ ቦታ ይሰካዋል፤ የተሰፋው ግን የልብሱ ነው።

ባለቤቴ ደግሞ ከሁሉ የያዛት «ማንም አይነካካውም» የምትለዋን ነው። በሥራው ዘመን አንዱ አባት የልጁን ውጤት ሠላሳ ስምንቱን በብዕር ሰማንያ ስምንት አድርጎበት ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ይህ ሰው ቁጥር በፊደል ካልጻፈ እንቅልፍ አይወስደውም። የገበያ ዝርዝር ሲሰጠኝ እንኳ «ሽንኩርት ሁለት ኪሎ» ብሎ ሁለትን በፊደል ነው የሚጽፈው፤ እኔ ሦስት አድርጌ እንዳልገዛበት።

ጸሐፊዋ አስረዳችው፣ እሱም እየደገመ በወረቀት ያዘ። ፎርሙን ከፍቶ «አትም» የሚለውን ይጫናል። ማተሚያ ምረጥ ሲለው የወረቀት ማተሚያ አይመርጥም፤ እንደ ፒዲኤፍ አስቀምጥ የሚለውን ይመርጣል። በአዲስ ስም ያስቀምጠዋል። «የመጀመሪያውን አያጥፉት» አለችው። «ፍላት የሆነ ወደ ኋላ አይመለስም። የሚታረም ነገር ቢኖር ከመጀመሪያው ነው የሚያርሙት። ሲጨርሱ ደግሞ ከፍተው ይዩት።»

አደረገው። በአንዴ ሆነለት። አዲሱን ፋይል ከፈተና ትልቁን ሳጥን በጠቋሚው ነካው፤ አልተከፈተም። ደግሞ ነካው። የሆነች ፊደል ለመጻፍ ሞከረ፤ ፊደሏ አልገባችም። ለማጥፋት ሞከረ፤ አልጠፋም።

«ነይ እይ» አለኝ። «እኔ ራሴ እንኳ ልለውጠው አልችልም።»

ሄጄ አየሁ። ሳጥኗ ከዳር እስከ ዳር በጽሑፍ ሞልታለች። እኔ መነጽሬን ማሽኑ ላይ ትቼው ስለነበር ከመሙላቷ በቀር አላነበብኩም፤ እሱ ደግሞ የራሱን ጽሑፍ በቃሉ ስለሚያውቀው አላነበበም። ከፍተው ይዩት ነበር የተባለው፤ ሁለታችንም አየነው። «ጎበዝ» አልኩት። ላከው። ከዚያ እንዳይሳሳትና ክፍቱ ፎርም በማንም እጅ እንዳይገባ ብሎ የመጀመሪያውን ከላፕቶፑ ላይ አጠፋው።

ክረምቱ አለፈ። ስለ ፒንሳ ወሬ ጠፋ። የእናቷን ቤት አልፌ ስሄድ በሩ ዝግ ነው፤ በሱቁ በኩል ደግሞ ጉዳይ ከሌለኝ አላልፍም። ባለቤቴ «ሥልጠና ገብታ ይሆናል፤ የዛሬ ልጅ ሲሳካለት የሚያስታውሰው የለም» ይላል፤ አለመምጣቷ ግን ቅር ብሎታል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል ነበር።

ማሽኔ ክር መበጠስ ጀመረች። ምናልባት ምትክ አስቀምጣልኝ ሄዳ ይሆናል ብዬ ሱቁ ሄድኩ። ፒንሳ እዚያው ነበረች፤ ፍሪጅ ገልብጣ ከጀርባው ተንበርክካለች። ስታየኝ ተነሥታ እጇን ጠረገች፤ ሰላም አለችኝ፤ ግን እንደወትሮዋ አልሳመችኝም።

«ማሽኔ ክር ትበጥሳለች ልጄ።»

«ሌላ ሰው ቢያያት ይሻላል እትዬ። እኔ የማያገባኝን ነው የምከፍተው።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ዓይኗን ሳይ ቀረብኝ። «ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«አልተቀበሉኝም። ምክንያቱን ልወቅ ብዬ ስሄድ የጋሼን ፎርም አሳዩኝ።» ካቻቢቴውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ውሸት የለበትም። አንድም ውሸት የለበትም እትዬ። የጻፉት ሁሉ ያደረግሁት ነው። ይጻፉት ብያለሁ እኮ። እሱ ብቻ ነው ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።»

«እሱ ብቻ ሊሆን አይችልም» አልኳት።

«አንብቤዋለሁ።»

እኔ አላነበብኩትም።

እቤት ስደርስ ባለቤቴ አትክልት ውሃ ያጠጣል። ነጠላዬን ሳላወልቅ «አንተ ሰው፣ ለዚያች ልጅ ምን ጽፈህ ነው ያስቀረሃት?» አልኩት። እንዲህ ዓይነት ነገር ስናገር ድምፄ እንደሚሰበር ያውቃል፤ ውሃውን ዘጋ።

«እኔ ነኝ ያስቀረኋት? በዕድሜዬ እንደዚያ አመስግኜ ለማንም አልጻፍኩም። ለልጄም አልጻፍኩም።»

«እንግዲያው አምጣና አንብብልኝ።»

ላፕቶፑን ከፍቶ የላከውን አወጣ። መነጽሩን አደረገ፤ ድምፁንም አዘጋጀ። የሰውየው ነገር፣ ለክርክር ተዘጋጅቷል። ማንበብ ጀመረ። «አመልካቿን ለበርካታ ዓመታት አውቃታለሁ። የትምህርት ቤቱን የድምፅ ማጉያ ያለማንም ፈቃድ ፈታ አቃጥላለች። በዚህም ምክንያት ከትምህርት ታግዳለች። ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያ ቢሰጣትም አልሰማችም። ጠዋት ታረፍዳለች። የማያገባትን ዕቃ ሁሉ መክፈት ትወዳለች።»

ቆመ።

«ቀጥል» አልኩት።

አልቀጠለም። ጣቱን የቀስቷ ቁልፍ ላይ አድርጎ ወደ ታች ተጫነ። ገጹ ወረደ እንጂ ሳጥኗ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ሳጥኗን ነካት፤ አልተከፈተችም። ደግሞ ነካት። ያን ቀን አልከፈት ስትለው እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር፤ አሁን ግን ጠቋሚውን ከዳር እስከ ዳር እያዘዋወረ ነካካት።

«ሌላው የት ሄደ?» አለ። የሚጠይቀው እኔን አልነበረም።

የሄደበት የገባን ቀስ እያለ ነው። ክፍቱ ፎርም ላይ ጽሑፉ ከሳጥኗ ቢያልፍም ተደብቆ ይቀመጣል፤ ወደ ታች ስትስበው ይመጣል። ሲታተም ወይም ፍላት ሲደረግ ግን ወደ ገጹ የሚተላለፈው በሳጥኗ ውስጥ የሚታየው ብቻ ነው። ከታች የተደበቀው አብሮ አይሄድም። ለክፋቱ ደግሞ የመጨረሻዋ የታየች መስመር ልክ በአራት ነጥብ አለቀች። በአጋማሽ ብትቆረጥ ኖሮ አንዱ የኮሚቴ አባል «ይኼ ነገር ቀሪ አለው ወይ» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አሁን ግን ያለቀ የደቀቀ ነገር ትመስላለች። አውሮፕላን የሚያስጠግን ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ የማትሰማና የማያገባትን የምትከፍት ልጅ ይቀበላል? እኔም ብሆን አልቀበልም።

ጸሐፊዋ ዘንድ ደወለ። አስረዳት። እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«አባቴ፣ እኔ በጣም አዝናለሁ» አለች። «ኮሚቴው ያነበበው የታተመውን ነው። የመጀመሪያው ባዶ ስለወጣ ማንም አላየውም። አሁን ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፤ ሥልጠናውም ተጀምሯል።»

«ለሚቀጥለው ዓመትስ?»

ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማን። «ዕድሜዋ ያልፋል» አለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። ባለቤቴ ስልኩን ዘጋ። እኔም ልቆጣው የያዝኩት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ቁጣው ቢቀርም ሐዘኑ አልቀረም፤ ልጅቷ ፀጉሯን ተሠርታ የመጣችበት ቀን ነው ደጋግሞ የሚታየኝ።

በኋላ «ቢያንስ ያልኩትን ታንብበው» አለ። የመጀመሪያውን ፋይል ቢያጠፋም በኢሜይሉ ውስጥ ከላካቸው መካከል አሁንም ነበር፤ ያኔ ባዶ ሆኖ ታተመ የተባለው ራሱ። ከፈተው። ሳጥኗን ነካት፤ ጠቋሚዋ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። ወደ ታች ሳበው፤ ቀሪው ሁሉ ወጣ። ያን ጊዜ እኔም መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ሳነብ ባሌን እንደ አዲስ ሰው ዞሬ አየሁት።

ወረቀት ላይ አትሞ ሊወስድላት አይችልም፤ ቢያትመው ያው ሳጥኗ የያዘችውን ብቻ ነው የሚያወጣው። በእጄ ገልብጬ ልጻፍላት ብሎ ጀመረና ተወው። አሁን የፈጠረው ይመስላታል። ስለዚህ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ተነሣ፤ እኔም ተከተልኩት።

ፒንሳ ስታየው ከተቀመጠችበት ተነሣች። ከትምህርት ቤት ከወጣች ስንት ዓመቷ፣ አሁንም እሱ ሲገባ ትነሣለች።

«ይህን አንብቢ» አላት። ይቅርታ አላለም። ይቅርታ ሊል መምጣቱን እኔ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ከየት ታውቃለች?

ገልብጣ ባቆመችው ፍሪጅ ላይ ላፕቶፑን አስቀመጥነው። ሳጥኗን እንድትነካ፣ ከዚያም ወደ ታች እንድትስብ አሳየኋት። መጀመሪያ የምታውቀውን መስመር ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ወደ ታች ሳበችው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው፤ እኔም ከትከሻዋ ላይ አብሬ አነበብኩ።

«ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን የሚያነብ ሰው እንዲያምነኝ ነው። ከእገዳው ስትመለስ ያቃጠለችውን ማጉያ እንድሰጣት ለመነችኝ። የምሳ ሰዓቷን እየተወች ጠገነችው፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድም ቀን አልተበላሸም። ከዚያ ወዲህ ሳታስፈቅድ አንዲት ብሎን አልነካችም። ጠዋት የምታረፍደው እናቷን ሥራ አድርሳ ስለምትመጣ ነው፤ አንድ ቀንም ምክንያት አድርጋ አላቀረበችውም። በሥራ ዘመኔ ከጥፋቱ የተማረ ብዙ ልጅ አይቻለሁ፤ ያጠፋውን በእጁ የጠገነ ግን እሷን ብቻ ነው። የምሳፈርበትን አውሮፕላን እሷ ናት የጠገነችው ቢሉኝ፣ ገና ከመነሣቱ እንቅልፌን እተኛለሁ።»

ጨርሳ ወደ ላይ ተመለሰች። እንደገና አነበበችው። ሱቁ ውስጥ አንድ አሮጌ ማጠቢያ ማሽን ለሙከራ ተከፍቶ ይዞራል።

«ሳጥኗ ናት የቆረጠችው» አለ ባለቤቴ። «ፍላት ሳደርገው አላነበብኩትም። ማንም እንዳይለውጠው ብዬ ነው የቸኮልኩት።»

«ገባኝ ጋሼ።»

«ደውዬላቸዋለሁ። አይሆንም አሉ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ዕድሜዬ አለፈ።» ይህን ያለችው በቀስታ ነው። ለሱ አዝና ይመስለኛል። ላፕቶፑን ዘጋችና የእጇ ግራሶ የነካበትን ቦታ በእጅጌዋ ጠረገችው። መልሳ ግን አልሰጠችውም፤ እንደያዘችው ቆየች።

«ጋሼ፣ ያን ወረቀት ሲያሳዩኝ ቀሪ ይኖረዋል ብዬ አልጠረጠርኩም» አለች። «ጋሼማ እንደዚህ አይጽፉብኝም ብዬ ልከራከርልዎት ፈለግሁ። ግን ምን ይዤ? በአፍዎ የነገሩኝ ሁሉ ያ ወረቀት ላይ ያለው ነው። እናቴን አድርሼ እንደምመጣ እንኳ ማወቅዎን ዛሬ ነው የሰማሁት። ከዚህ አንዷን፣ አንዲቷን ብቻ በአፍዎ ነግረውኝ ቢሆን፣ ይህ የተቆረጠ ነው ብዬ እዚያው እነግራቸው ነበር። ያኔ ጊዜውም ገና አላለፈም ነበር።»

ባለቤቴ ክርክር የማይጠፋው ሰው ነው። ለዚህ ግን እጆቹን ብቻ ዘረጋ። ላፕቶፑን በሁለት እጇ ሰጠችው፤ በሁለት እጁ ተቀበለ። ተሰናብተን ወጣን።

ጥቂት እንደሄድን «እንዲህ ያለ ልጅ የለም» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰውን ምስጋና ለእኔ ነው የምትነግረኝ። ተመለስና ለራሷ ንገራት።»

መንገዱ መሃል ቆመ። ከዚያ ላፕቶፑን አስያዘኝና ተመለሰ። ተከትዬው ከበሩ ቆምኩ። ፒንሳ ወደ ፍሪጁ ጀርባ ተመልሳ ተንበርክካ ነበር፤ ጥላው ሲያርፍባት ቀና አለች። ልትነሣ ስትል በእጁ ተቀመጪ አላት። ኮፍያውን አወለቀ። ጉሮሮውን ጠረገ። ስንት ሺህ ተማሪ ፊት የተናገረ ሰው፣ አንዲት ልጅ ፊት ቃል ሲጠፋበት አየሁ። ዓይኑ ፊቷ ላይ መቆየት አቅቶት ወደ እጇ ወረደ።

«ካቻቢቴው» አላት፣ «ለያዝሽው ብሎን ይተልቃል። ጥርሱን ይበላብሻል።»

«እሺ ጋሼ» አለች። እጇን ዘርግታ ትንሹን አነሣችና ብሎኑ ላይ ገጠመችው። ማዞር ግን አልጀመረችም፤ ቀና ብላ ታየዋለች። እኔም ከበሩ ሆኜ አየዋለሁ። ሁለታችንም ቀሪውን ጠበቅን።

ኮፍያውን አደረገና ወጣ።